ከቢቸና ሞጣ በአውቶቡስ፦ ሳልሄድ የጻፍኩት ምክር

ስክሪፕቱን የጻፍኩት ቢቸና፣ ከፎቶ ቤቴ ባንኮኒ ጀርባ ተቀምጬ ነው። ርዕሱ «ከቢቸና ሞጣ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በአውቶቡስ ለሚጓዙ ጠቃሚ ምክሮች» ይላል። ወረቀቱን ለሁለት ከፍዬ በግራ የሚታየውን፣ በቀኝ የሚነገረውን ሞላሁበት። ያኔ ስልክ የያዘ ሁሉ ቪዲዮ ኢንተርኔት ላይ መለጠፍ ጀምሮ ነበር፤ እኔም ስንት ሠርግ የቀረጽኩ ሰው፣ ማን ይችለኛል ብዬ ተነሣሁ። አንድ ነገር ብቻ ጎድሎኝ ነበር፤ በዚያ መንገድ በአውቶቡስ ሄጄ አላውቅም። ሞጣን የማውቃት በአጎቴ አይሱዙ ጋቢና፣ እግሬን ዘርግቼ ነው። ምክሩን ከአንዱም ከሌላውም ቪዲዮ ለቃቅሜ፣ ለዓመታት የተመላለስኩበት አስመሰልኩት።

ቪዲዮው ላይ የሚታይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጓዝ ሰው አስፈለገኝ። እሱን ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም፤ የእናቴ ታላቅ እህት አሉ፤ እቴቴ እንላቸዋለን። እቴቴ መኪና ያማቸዋል። ከዓመታት በፊት አንዴ ሞክረው፣ ገና ከተማው ሳያልቅ አስመልሷቸው፣ ወርደው በእግራቸው ተመለሱ። ሰፈሩ ለስንት ጊዜ ሣቀባቸው፣ እኔም ጭምር። ከዚያ ወዲህ ወሬው ሲነሣ «እኔ ከእግሬ በቀር አላምንም» ይሉና ይዘጉታል።

ነገር ግን ልጃቸው ሞጣ ተድራለች። ወግ ነው፣ ሴት ልጅ ስትወልድ እናቷ ሄዳ ታርሳታለች፤ ገንፎውን ታገነፋለች፣ ታጥባታለች፣ አጠገቧ ትተኛለች። የመጀመሪያውን ስትወልድ እቴቴ ቅቤና ማር ልከው ቀሩ። ያረሰቻት አማቷ ናት። አሁን ሁለተኛዋን ወለደች፤ ሰው የላከችባቸውም ቃል አጭር ነበር፦ «ዘንድሮም ከቀረች እናት የለኝም እላለሁ።»

«እቴቴ፣ ለቪዲዮዬ ሰው አጥቼ ሥራዬ ሊበላሽ ነው» አልኳቸው።

ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ላንተ ሥራ ከሆነማ ምን አደርጋለሁ» አሉ። መሄዱን እንደሚፈልጉ፣ ፈራሁ ማለቱ ደግሞ እንዳሳፈራቸው ገብቶኛል። እንዴት ያለሁ ብልህ ነኝ እያልኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ማለዳ መናኸሪያ ደረስን። ስክሪፕቱ «በጊዜ ይድረሱ፤ የፊት ወንበር ይያዙ፤ ከኋላ መንገጫገጭ ይበዛል» ይላል፤ እውነት ነው። አውቶቡሱ የሚነሣው ሲሞላ መሆኑን ግን አልጻፍኩትም። በጊዜ የደረሰ በጊዜ ተቀምጦ ይጠብቃል እንጂ በጊዜ አይሄድም። እኔ ጊዜውን ተጠቀምኩበት፤ እቴቴን ሦስት ጊዜ አሳፍሬ ሦስት ጊዜ አወረድኳቸው፣ አንዴ ፀሐይ ገብታብኝ፣ አንዴ ሰው ፊቴ ቆሞ፣ አንዴ ደግሞ መቅረጫውን ሳልነካው ቀርቼ።

ረዳቱ በሩ ላይ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና፣ «ኧረ ሰውዬ፣ ሴትዮዋን ልታሳፍራቸው ነው ወይስ ልትሸኛቸው?» አለ። ተሳፋሪው በሙሉ ሣቀ። እቴቴም ሣቁ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈራቸው ሲላላ ያየሁት ያኔ ነው።

ለአራሷ የያዙትን ቅቤ ጣሪያ ላይ አላስጫንኩም፤ ፀሐይ ያቀልጠዋል፣ ይኼም ስክሪፕቱ ላይ አለ። እግራቸው ሥር አስቀመጡት። ሎሚ በእጃቸው፣ ፌስታል በኪሴ፤ ሁሉም በምክሩ መሠረት ሆነና ተነሣን።

«እቴቴ፣ ዓይንዎን ከሩቁ ጋራ ላይ ያኑሩ፤ ወደ ታች እንዳያዩ» አልኩ፣ ከወረቀቱ እያነበብኩ። እንደ ታዘዙት አደረጉ። ያን ጊዜ ያመማቸው የኋላ ወንበር ይዘው፣ በፍርሃት አንገታቸውን ደፍተው ስለነበር ነው መሰለኝ። አሁን ቀና ብለው ማሳውን፣ ባሕር ዛፉን፣ ገደሉን አዩ። እኔ ደግሞ ስልኬ ላይ እርሳቸው ሲያዩ አየሁ። በመሃል ወረቀቴን አነባለሁ፣ እንደገና ስልኬን አያለሁ። መኪናው ይንገጫገጫል፣ ስልኩ ይንቀጠቀጣል፣ ፊደሉ ይጨፍራል። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ፣ የተባለው ለእኔ ነው።

ደብረ ወርቅን አልፈን ብዙ ሳንሄድ ምራቄ በአፌ ሞላ። ላብ አጠመቀኝ። እጄን ሰድጄ መስኮቱን ከፈትኩ።

«ዝጋው!» የሚል ድምፅ ከኋላ፣ ከጎን፣ ከየት ያልመጣ አለ?

«ልጄን ምች ሊያስመታብኝ ነው እንዴ ይኼ ሰው!» አለች ሕፃን ያቀፈች ሴት።

«ወገኖቼ፣ ንጹሕ አየር...» ብዬ ጀመርኩ። ይኼ ስክሪፕቱ ላይ አራተኛው ምክር ነው፤ በቀኝ በኩል፣ በሚያምር እጅ ጽሑፍ። ከዚያ ማለፍ አልቻልኩም። ፌስታሉን ከኪሴ ማውጣቱ አቅቶኝ ስታገል እቴቴ መንትፈው ከፍተው አፌ ላይ ደቀኑልኝ። የሆነውን መናገሩ ያስጠላል። መስኮቱ ተዘጋ። ስልኬ እቅፌ ውስጥ እየቀረጸ ነበር፤ በኋላ ስሰማው ሌላው ሁሉ ጭለማ ሆኖ የእኔ ማጓራት ብቻ አለ።

«አይዞህ፣ ሎሚውን አሽት» ይሉኛል እቴቴ፣ በነጠላቸው ግንባሬን እየጠረጉ። ደግሞ እኮ ምንም አልሆኑም፣ ፊታቸው እንደ ወትሮው ነው። ተናደድኩባቸው፣ እውነቴን ነው። ትንሽ እንኳ ቢያማቸው ምን ነበረበት?

ግንደ ወይን ሹፌሩ ለሻይ ቆመ። እኔ ከአንድ ሻይ ቤት አግዳሚ ላይ ተዘረርኩና ሰማይና ምድር ሲዞሩ ማየት ያዝኩ። ጡሩምባው ሲነፋ ሰው መሳፈር ጀመረ።

«እቴቴ፣ በቃ እንመለስ» አልኩ። «እኔ ከዚህ ንቅንቅ አልልም። ሌላ ቀን እንመጣለን።»

አውቶቡሱን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ በፊት ሞጣን ረግጠው አያውቁም፤ የልጃቸውን ቤት በወሬ እንጂ በዓይናቸው አላዩትም። እኔ ደግሞ፣ ያ ሁሉ ምክር የጻፍኩ ሰው፣ ጥለውኝ እንዳይሄዱ የነጠላቸውን ጫፍ ይዣለሁ።

ጡሩምባው እንደገና ተነፋ። ጎንበስ ብለው ጣቶቼን አንድ በአንድ ከነጠላቸው አላቀቁ።

«አንተ አትሞትም» አሉኝ። «እሷ ግን ደጅ ደጁን እያየች ነው።» የሻይ ቤቷን ሴት «ውኃ ስጭልኝ ልጁን፣ አደራ» ብለው ሄዱ። ረዳቱ ክንዳቸውን ይዞ አሳፈራቸው። አቧራው እስኪጠፋ አየሁት፤ ያኔ እንኳን አልቀረጽኩም።

ትንሽ ነቃ ስል ለልጃቸው ባል ደወልኩ፤ አራስ ከቤት አትወጣም፣ እሱ መናኸሪያ ወጥቶ እንዲቀበላቸው። ከሰዓት በኋላ መልሼ ስደውል፣ «ቆሜ ስጠብቅ ለካ አልፈውኛል» አለኝ እየሣቀ። «ሰው እየጠየቁ ራሳቸው ቤት ገብተዋል። ቆይ፣ ላገናኝህ።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ የበር ሲጢጥታ፣ የሕፃን ልቅሶ ተሰማኝ። አንዲት ሴት ስታለቅስ፣ መናገር እያቃታት «መጣሽ? እውነት መጣሽ?» ስትል ሰማሁ። ከዚያ የእቴቴ ድምፅ መጣ፣ ለእኔ አልነበረም።

«ተኚ፣ አትነሽ የኔ ልጅ። አለሁ። ውኃው የታለ? እኔ ነኝ የማጥብሽ።»

ማንም «ሃሎ» አላለኝም። ስልኩ ተከፍቶ የሆነ ቦታ ተቀመጠ፤ እኔም ግንደ ወይን አግዳሚው ላይ ተጋድሜ፣ ሒሳቤ እስኪያልቅ አዳመጥኩ።