በቀኝ ኪሴ የቀረችው ጠጠር

ሰው ሲያመሰግነኝ ደሜ ይፈላል። «ያንን ጣሊያን በአንደበቱ ያረገበው ይሄ ነው!» እያሉ ጉለሌ ውስጥ ለልጆቻቸው ያሳዩኝ ነበር። ምን ልበል? ነገሩን ጀምሬ ብጨርሰው ሁለተኛ ሰላም የሚለኝ አይኖርም።

ያን ጊዜ ጣሊያን አገሩን ይዟል። ከሰፈራችን ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ለመንገድ ሥራ ድንጋይ የሚያወጡበት ካባ ነበር። ዓለቱ በድማሚት ይፈነዳል፣ ሠራተኛው በመዶሻ ይፈልጠዋል፣ ካሚዮን ይጭነዋል። ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ የምለው፣ እዚያ ቀዳጅ ነበር። ዓለቱን በብረት በስቶ ድማሚቱን የሚቀብረውም፣ ገመዱን ለኩሶ የሚወጣውም እሱ ነው። እኔ ከጦርነቱ በፊት ሚሲዮን ቤት ጣሊያንኛ ቀመስ አድርጌ ስለነበር አስተርጓሚ ሆንኩ። ሥራዬ ከካፖው ጎን መቆም ነው። ካፖ የምንለው የሠራተኛውን አለቃ ነው።

ካፖው ፊቱ የቀላ፣ አጭር፣ ሁልጊዜ የሚቸኩል ሰውዬ ነበር። የመንገዱ ሹም እሱ ላይ ይጮሃል፣ እሱ እኛ ላይ ይጮሃል። አለንጋው ከእጁ አይለይም። ታዲያ ሰው ሲታመም ከራሱ ሣጥን ኪኒን አውጥቶ ይሰጣል። እንዲህ ያለው ነው የሚያስቸግር። ለይቶለት ክፉ ቢሆን ጠልተኸው ትገላገል ነበር።

ጣጣው ከፍንዳታው በኋላ ነው። ስድስት ድማሚት ተቀብሮ አምስት ብቻ ከጮኸ፣ ስድስተኛው ሞቷል ማለት አይደለም። ገመዱ እርጥበት ከነካው ውስጥ ውስጡን እየጨሰ ይቆይና ሰው አጠገቡ ሲደርስ ይፈነዳል። ቀዳጅ ሁሉ ይህን ያውቃል። ካፖውም ያውቃል። ነገር ግን ካሚዮኖቹ ቆመው ሲያይ አያስችለውም። የመጨረሻው ፍንዳታ ጭስ ሳይጠራ «አቫንቲ!»፣ ግቡ፣ ይልና ሠራተኛውን ሁሉ ይሰዳል።

ክረምቱ ሲገባ፣ በሚካኤል ማግስት፣ አንድ ሰው በዚህ ዓይኖቹን አጣ። ሁለቱንም። እየመራን ወደ ቤቱ ስንወስደው «ነጋ እንዴ?» ይለን ነበር።

ብዙ ሳይቆይ እንደገና አንዱ ሳይጮኽ ቀረ። ካፖው «አቫንቲ!» አለ። ጋሼ መዶሻውን ጥሎ በሰው ሁሉ ፊት ቆመ። «አንዱ አልጮኸም። አንገባም በለው» አለኝ።

ከየካቲቱ እልቂት ወዲህ ለጣሊያን «እንቢ» ያለ ሰው የት እንደሚገባ ሁላችንም አይተናል። ስለዚህ ወደ ካፖው ዞሬ በጣሊያንኛ «ሰዎቹ ትንሽ ደክሟቸዋል» አልኩት። ወንድሜን ያዳንኩ መስሎኝ! ካፖው ሣቀና «ሰነፍ ሁላ» ብሎ ጋሼን ትከሻው ላይ በአለንጋ አንድ ጊዜ አሳረፈበት። ገቡ። ደግነቱ ያን ቀን ገመዱ ከመሃል ጠፍቶ ነበር።

ጋሼ ከፈረንጅ ጋር ውሎ ውሎ ጥቂት ቃል ለቅሟል። ያልኩትን ሰምቷል። ማታ እራት ስንቀርብ እጁን ከገበታው አነሣ።

«አፌን አደራ ብሰጥህ በላኸው» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ሦስት ቀን አላናገረኝም። እናታችን ነገሩን ከሁለታችንም ተራ በተራ አወጣጣችና እኔን ለብቻዬ አስቀመጠችኝ። አባታችን የሹም አጋፋሪ ነበር፤ የትልቅ ሰው ቤት ወግ ታውቃለች።

«ልጄ፣ ሹምን በሰው ፊት አትምከረው። በሰው ፊት የተነካ ሹም ውሻ ነው፣ ይነክሳል። ለብቻው ያዘው። ክፉ ነህ አትበለው፤ ያየኸውን ንገረው። ደግሞ ችግር ብቻ ይዘህ አትሂድ፣ መላውንም ይዘህ ሂድ» አለችኝ። ከዚያ ጣቷን ቀስራ ደገመችው፦ «በሰው ፊት ግን፣ እግዜር ያሳይህ፣ በፍጹም!»

በማግስቱ ጧት ሠራተኛው ሳይሰበሰብ ሄድኩ። ካፖው ድንኳኑ ደጃፍ መስተዋት ሰቅሎ ጺሙን ይላጫል።

«ካፖ፣ ስለ ሥራው አንድ ነገር ላነጋግርዎ፣ ከፈቀዱ» አልኩት።

«ተናገር» አለኝ፣ በመስተዋቱ ውስጥ እያየኝ።

«ለታመመ ሰው መድኃኒት የሚሰጡት እርስዎ ብቻ ነዎት። ሠራተኛው እንዲጎዳ እንደማይፈልጉ ስለማውቅ ነው የመጣሁ። በሚካኤል ማግስት ስድስት ተቀብሮ አምስት ጮኸ። እርስዎ ወዲያው «ግቡ» አሉ፤ አንዱ ዓይኑን አጣ። በዚያ ሳምንት አራት ጥሩ ቀዳጆች ጠፉ። በምትካቸው የመጡት ብረቱን እየሰበሩ ካሚዮኖቹ ባዷቸውን ወረዱ። ባለፈው ደግሞ ወንድሜ ቆሞ የተናገረው ደክሞት አልነበረም። አንዱ አልጮኸም ነው ያለው። አዛብቼ የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ፈርቼ ነው።»

ምላጩን አወረደ። «ሥራዬን ልታስተምረኝ ነው?»

«ኧረ እኔ! ያየሁትን ነው የምናገር።»

«ማን ላከህ?»

«ማንም። የራሴ ነው።»

ምላጩን በፎጣ ጠርጎ አስቀመጠ። አሁን አለንጋውን ያነሣል ስል «እና ምን ይደረግ ነው የምትለው?» አለኝ።

መላዬን ነገርኩት። ጋሼ በቀበረው ልክ እኔ በቀኝ ኪሴ ጠጠር እይዛለሁ። አንዱ በጮኸ ቁጥር አንዱን ጠጠር ወደ ግራ ኪሴ አሻግራለሁ። ቀኜ ባዶ ከሆነ ይገባሉ። ከቀረ ጣቴን አሳይዎታለሁ፤ ያን ጊዜ በእርስዎ ሰዓት ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል። እስከዚያ ሠራተኛው ሥራ አይፈታም፣ ታች የወደቀውን ድንጋይ ይፈልጣል፣ ካሚዮኑም ይጫናል። ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ የቀበረው ሰው ቀድሞ ብቻውን ገብቶ ያያል። ሌላው ከእሱ በኋላ።

«ካሚዮን አይቆምም?»

«አይቆምም። አንድ ወር ይሞክሩት። ካልሆነ ይተዉታል።»

ፊቱን ታጠበ። ሲጨርስ «ከነገ ጀምር» አለኝ። ለሠራተኛው ሲነግረው ግን የገዛ ራሱ ሐሳብ አስመስሎ ነው። ይሁንለት! እኔ ምን ቸገረኝ? እቤት ሄጄ ጠጠሮቹን ለእናቴ እያሳየሁ ከቀኝ ወደ ግራ ሳሻግርላት እልል ማለት ነው የቀራት። ጋሼ ከጎኔ ተቀምጦ እራት በላ። ጎርሶ አጎረሰኝ። እንደዚያ ያለ ጉርሻ ዳግመኛ አልቀመስኩም።

ወሩ አለቀ፣ ሁለተኛውም ተጋመሰ። ሁለት ጊዜ ጠጠር ቀረ፣ ሁለቱንም ጊዜ ካፖው ሰዓቱን ከደረቱ ኪስ አውጥቶ ጠበቀ። አንዴማ ግማሽ ሰዓቱ ሳይሞላ የቀረው ፈነዳ፤ የተጎዳ የለም። ካፖው ያን ቀን ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ከዚያ ነሐሴ ውስጥ፣ ዝናቡ ጋብ ባለ አንድ ጧት፣ የመንገዱ ሹም በመኪና መጣ። ቡትስ የተጫማ ረጅም ሰውዬ። ሰባት ተቀብሯል። ስድስት ጮኸ። እኔ አንድ ጣቴን አሳየሁ። ካፖው ሰዓቱን አወጣ።

ሠራተኛው ታች ይፈልጣል፤ ሹሙ ግን ላይ ላዩን ዓለቱን ነው የሚያየው። «ያ ሁሉ ድንጋይ ፈርሶ ይሄ ሰው ምን ይገተራል?» አለ፣ ጋሼን በበትሩ እያሳየ። ካፖው ደም መሰለ። የማይመስል ሣቅ ሣቀና ሰዓቱን ከደነው። አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው።

«ቀዳጁ ይግባ በለው» አለኝ።

«ካፖ፣ አንድ ጊዜ ለብቻዎ ላነጋግርዎ…»

«በኋላ!»

ሹሙ በመካከላችን ቆሟል። የእናቴ ጣት በዓይኔ መጣ። በሰው ፊት፣ በፍጹም! ገለል ቢልልኝ፣ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ቢልልኝ በጆሮው እነግረዋለሁ ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ፈቀቅ አላለም።

«ጋሼ፣ ግባ ብሏል» አልኩት።

ጋሼ ሰዓት የለውም። አየኝ። «ሞላ?» አለኝ።

ይኸው እስከ ዛሬ ይሰማኛል። አልሞላም ማለት ሁለት ቃል አይሞላም። በአማርኛ ነው፣ ሹሙ እንኳ አይሰማም። ነገር ግን ጋሼ ባይገባ ካፖው በአለቃው ፊት መዋረዱ ነው፣ ያበጀሁት ሁሉ ይፈርሳል፣ ብዬ… እንጃ፣ ይህንንም ያሰብኩት በኋላ ይሆናል። «ግባ ብሏል» አልኩ እንደገና። አምኖኝ ሄደ።

ሰባተኛው ጮኸ።

ሹሙ ወደ መኪናው ሮጠና ሄደ። ካፖው ባርኔጣውን አውልቆ ጭቃው ላይ ተቀመጠ። ብዙ ቆይቶ ቀና አለና «ለምን አልጮህክም?» አለኝ። እሱ! እኔን! መዶሻ አንሥቼ ጭንቅላቱን ልለው ነበር፣ ሰዎች ያዙኝ። ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ይህን ቁጣዬን ነው። ያን ጧት የት ነበር ቁጣዬ?

ከዚያ በኋላ ካፖው ሰዓቱን ለእኔ ሰጠኝ። ማንም ይምጣ ማን፣ እኔ «ሞላ» ሳልል ሰው አይገባም። ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ እዚያ ካባ አንድም ሰው አልተጎዳም። የሚያመሰግኑኝ በዚህ ነው።

ለእናቴ ግን ዋሸሁ። «ቆጠራ ተሳስቼ ነው። ሰባቱም የጮኹ መሰለኝ» አልኳት። ምክሯ እንዳይቆጫት፣ ጥፋቱ የእኔ ብቻ ሆኖ ይቅር ብዬ ነው። አልረገመችኝም። አቅፋኝ አለቀሰች።

ከሰልስቱ በኋላ ልብሴን ልታጥብ ወሰደች። ትንሽ ቆይታ እጇ አረፋ እንደሆነ መጣችና አንዲት ጠጠር ፊቴ አስቀመጠች።

«በቀኝ ኪስህ ነበረች» አለች። «ቆጥረህ ነበር።»

ጠጠሯን አንሥቼ በቀኝ እጄ ጨበጥኳት።

«ፈረንጁ ለብቻው አልነበረም እንዴ?» አለችኝ።

ጠጠሯን ወደ ግራ እጄ አሻገርኳት። እሷም ሌላ አልጠየቀችኝም። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች፤ ልብሴም ያን ቀን ሳይታጠብ ገበቴው ውስጥ አደረ።