ማዕከሉ ሦስት ላይ ነው

ቡርቱካን መርሳ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህርት ናት። ክረምት ክረምት ወልድያ እየመጣች ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማር ነበር፤ በአንድ ኮርስ ወድቃ ተሰናበተች። ኮርሱን ያስተማርኩትም፣ የጣልኳትም እኔ ሙላቱ ነኝ። በ2013 ነሐሴ ቤቷ ስገባ ግን መልኳን እንኳ አላስታወስኩም።

በጦርነቱ ወልድያ ስትያዝ በእግሬ ወጣሁ። ሐሳቤ በሲሪንቃ በኩል አድርጌ ደሴ መግባት ነበር። መርሳ ስደርስ ጉልበቴ አብጦ አላስኬድ አለኝ። ከፊቴ ውርጌሳ ላይ ከባድ መሣሪያ ያጓራል፣ የመጣሁበትም መንገድ ተዘግቷል። መንገድ ዳር ተቀምጬ ጫማዬን ስራገም አንዲት ሴት ቆመችብኝ።

«መምህር ሙላቱ! ኧረ አንቱ እዚህ ምን ይሠራሉ? ይነሱ፣ ይነሱ።»

ቤቷ ሁለት ክፍል ነው፤ የምትኖረው ከእናቷ ከእትዬ አበበች ጋር ነው። መብራት የለም፣ ስልክ የለም። ታጣቂ ቤት ለቤት ስለሚፈትሽ እኔ ከጓዳ ንቅንቅ አልልም። የማሽላ ቂጣ ይቀርብልኛል፣ እየተሳቀቅሁ እበላለሁ። መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ሰው እንዴት ሁለት ወር ይቀመጣል? እኔ ደግሞ ድሮም ቁጡ ነኝ። ስነጫነጭ እትዬ አበበች፣ «ምነው መምህር፣ እኛ ያሰርንዎት መሰለዎት እንዴ?» ይሉኝ ነበር።

በጥቅምት መጨረሻ አንድ ቀን ቡርቱካን ከሰዓት በኋላ ጠመኔ ይዛ ገባች።

«መምህር፣ አንድ ጥያቄ ቢሠሩልኝ?»

የቁም ሳጥኑ በር ላይ ጻፈችው፦

∮ (z² + 3) / (z(z − 3)) dz

ከሥሩ የሚዞርበትን ክብ አስቀመጠች፦ |z − 3| = 1፣ ዙሩ ከሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ በተቃራኒ።

ከሁለት ወር በኋላ ሰው መሆኔ ትዝ አለኝ። ጠመኔውን ነጠቅኳት።

«ይሄ እኮ የኮሺ ቀመር ነው! መጀመሪያ ታህቱ የት የት ዜሮ እንደሚሆን እይ። ዜሮ ላይና ሦስት ላይ። አሁን ክቡን አስተውይ፤ ማዕከሉ ሦስት ላይ ነው፣ ሬዲየሱ አንድ። ሦስት ውስጥ ናት። ዜሮ ከማዕከሉ ሦስት ትርቃለች፣ ውጭ ቀረች፤ አታስቸግረንም። እንግዲህ (z − 3)ን ብቻ ታህት ላይ ተዪና የቀረውን f በይው።»

f(z) = (z² + 3) / z

«ይሄ f ክቡ ላይም ውስጡም እንከን የለበትም። ቀመሩ ምን ይላል? ኢንተግራሉ 2πi ሲባዛ በf(3) ነው። ክቡን መዞር ቀረልሽ፤ የአንዲቷን ነጥብ ዋጋ ማወቅ በቃ። ዘጠኝና ሦስት አሥራ ሁለት፣ ለሦስት ሲካፈል አራት። መልሱ 8πi!»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማርኩትን ነው የምትጠይቂኝ?» ጮኽኩባት።

ከፍራሽ ሥር አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ። የድጋሚ ፈተናዋ ነበር። ያው ጥያቄ፣ ያው አሠራር፣ መጨረሻው ላይ 8πi። በላዩ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል፤ ጎኑ ላይ «−2πi» ተብሎ ተጽፏል። ጽሕፈቱ የእኔ ነው። ከአሥር ዜሮ ሰጥቻታለሁ። ድምሩ አርባ ሦስት፣ ማለፊያው ሃምሳ።

ወዲያው ገባኝ። በመደበኛው ፈተና ክቡ |z| = 1 ነበር። ያኔ ውስጥ የምትገባው ዜሮ ናት፤ f ደግሞ (z² + 3) / (z − 3) ይሆናል፤ f(0) = −1 ነውና መልሱ −2πi ነው። ለእሷ ብቻ ድጋሚ ፈተና ሳወጣ ክቡን አዛወርኩ፤ ሳርም ግን ያንኑ የድሮውን የመልስ ወረቀት አጠገቤ አድርጌ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት የሰው ዕድሜ ነው።

እዚያው ወረቀት ላይ ውጤቷ ሃምሳ ሦስት እንደሆነ ጽፌ ፈረምኩ። የሚቀበለው ቢሮ ወልድያ ነው፤ ወልድያም ተዘርፋለች ይባላል፣ ወረቀት ይትረፍ አይትረፍ የሚያውቅ የለም። አፈርኩ። ሳፍር ደግሞ እቆጣለሁ።

«ታዲያ አንቺስ? እያወቅሽ ዝም ትያለሽ? ለምን አቤት አላልሽም?»

ቡርቱካን ጠመኔውን ከእጄ ተቀበለችኝ።

«አቤት ብያለሁ፣ መምህር። ‹ታይቶ ተቀባይነት አላገኘም› ብለው የፈረሙበት አንቱ ነዎት።»

መንገዱ እስኪከፈት አምስት ሳምንት እዚያው ቤት ቆየሁ። የምሄድበት አልነበረኝም።