ቁጥር ያልተቀጠለበት ስም

ወልደሥላሴ ጅግጅጋ የመጣው መምህር ሆኖ ተመድቦ ነው። “አንድ ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ” ያለው ሰውዬ ከተማዋን ለምዶ ቀረ። በኋላም ማስተማሩን ትቶ ታክሲ ተራው አጠገብ ኢንተርኔት ቤት ከፈተ። ቁመቱ ከበሩ ጉበን ጋር ያጋጨው ስለነበር ገበያተኛው “ወልዴ ዴሬ” አለው፤ በሶማልኛ ረጅሙ ወልዴ ማለት ነው። እሱም ወደደው።

ወይ ያ ዘመን! አንድ ገጽ እስኪከፈት ሻይ ታዝዞ፣ ተጠጥቶ፣ ለወሬም ጊዜ ይተርፍ ነበር። ዛሬ ቤቱ የሞባይል መሸጫ ሆኗል፤ ያኔ ግን የወልዴ ዋና እንጀራ ለሰው ኢሜይል መክፈት ነበር። የተፈለገው ስም በሌላ ሰው ከተያዘ ማሽኑ ራሱ ከኋላው ቁጥር ለጥፎ ያቀርባል፤ ወልዴም እሺ ብሎ ይጫናል። ደንበኛው በወሩ ተመልሶ “ቁጥሬ ስንት ነበር?” ይላል። የማንን ቁጥር ማን ያስታውሳል! አድራሻው በዚያው ጠፍቶ ይቀራል።

አንድ ቀን ኻድራ የምትባል ልጅ አባቷን ኩልሚዬን ይዛ ከቀብሪበያ መጣች። ከስደተኞች ካምፑ ወደ ኖርዌይ ልትሄድ ነው፤ አባቷ ይቀራሉ።

“ቲቸር፣ አቦ፣ አባቴ ማለቴ ነው፣ ማንበብ አይችሉም፤ ስልክም የላቸውም። እንዳንጠፋፋ፣ የማይረሱት አድራሻ አውጣልኝ” አለችው።

በስሟ ሞከረ፤ ተይዟል። የአባቷን ስም ጨመረበት፤ እሱም ተይዟል። ማሽኑ እንደ ልማዱ ረጅም የቁጥር ጅራት ቀጥሎ አቀረበለት። ወልዴ ሊጫን ሲል ሽማግሌውን አያቸው። ይህን ጅራት ይዘው ቀብሪበያ እንኳ አይደርሱም። ደግሞስ በዚህ አገር ስንት ኻድራ አለ፣ ማን በቁጥር ይጠራል? እሱስ ቢሆን ረጅሙ ተባለ እንጂ ወልዴ ቁጥር ሁለት ተባለ?

“ቤት ውስጥ ማን ይሉሻል?” አላት።

አፈረች። አባቷ ሳቁና፣ “ኻድራ ያሬ” አሉ። ትንሿ ኻድራ፤ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ናት።

ሁለቱን አገጣጥሞ፣ ያለ ነጥብ ያለ ቁጥር ጻፈው። ማሽኑ ተቀበለ። ወልዴ ደስ ብሎት የሻዩን ሂሳብ እሱ ከፈለ።

ከወራት በኋላ ኩልሚዬ ብቻቸውን መጡ።

“ለልጄ ጻፍልኝ።”

“አድራሻዋ ማን ነበር?”

“ረሳኸው እንዴ? ኻድራ ያሬ ነዋ!”

ወልዴ አልረሳውም፤ ከእሳቸው አፍ መስማት ፈልጎ ነው። ጻፈላቸው፤ ላከላቸውም።

በሳምንቱ መልስ ሲመጣ በሶማልኛ አነበበላቸው። “አቦ፣ እዚህ አገር ያሬ ብሎ የሚጠራኝ አንድ ሰው የለም። ኢሜይሌን ለመክፈት ስሜን ስጽፍ ብቻ ነው የማየው። ያን ጊዜ እርስዎ ከደጅ የጠሩኝ ይመስለኛል።”

“ድገመው” አሉ። ደገመላቸው።

ሽማግሌው ወንበራቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠጉና፣ ቀስ ብለው፣ “ያሬ” ብለው ጠሩ።