«ታዛቢ» የጻፈችው መልስ

በጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል፣ ከሦስተኛው መስኮት ጀርባ ሃያ ሁለት ዓመት የተቀመጠች ሴት ነበረች። በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ ከጥበቃው እስከ ሐኪሙ ሁሉም «እትዬ መዝገብ» ነበር የሚላት። ካርዱ የጠፋበት ሰው ገና አፉን ሳይከፍት «አንተ የዛሬ ሦስት ዓመት እጅህን ተሰብረህ የመጣኸው አይደለህም?» ትልና እጇን ወደ መደርደሪያው ትሰዳለች። ካርዱ እዚያ ይገኛል። ካልተገኘም ማን አሳስቶ የት እንደከተተው ታውቃለች።

አንድ ቀን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወረቀት ተለጠፈ። በአገልግሎት አሰጣጥ ላይ የስምንት ሳምንት የኦንላይን ኮርስ ተከፍቷል፤ ማንኛውም የጤና ሠራተኛ መመዝገብ ይችላል ይላል። ወጣቶቹ አይተውት አለፉ። እትዬ መዝገብ መነጽሯን አድርጋ እስከ መጨረሻው አነበበችው። የሁለተኛው መስኮት ሠራተኛ «ለእኛ አይደለም እኮ፣ እትዬ» ስትላት ነው ቁርጥ ያደረገችው። የዚያኑ ዕለት ስልኳን ለልጇ ሰጥታ «መዝግቢኝ» አለች።

ልጇ አስተማሪ ናት። ሁሉንም ሞልታ ስትጨርስ «በውይይት መድረኩ ላይ ለሌሎች የሚታይ ስም ይፈልጋል። ምን ልበል?» ብላ ጠየቀቻት።

«የራሴን ስም አትበይ። ብሳሳት እንኳ ማን እንደተሳሳተ አይታወቅ።»

«ታዛቢ» ብለው ተስማሙ።

ኮርሱ በየሳምንቱ ሁለት ነገር ያስጽፋል። እስከ ረቡዕ ድረስ በተሰጠው ጥያቄ ላይ የራስን ሐሳብ፤ እስከ እሑድ ድረስ ደግሞ ለአንድ የክፍል ጓደኛ ሐሳብ መልስ። በመጀመሪያው ሳምንት እትዬ መዝገብ አንዲት ነርስ የጻፈችውን አንብባ «በጣም እስማማለሁ። በርቺ።» ብላ ላከች። ከአሥር ሁለት አገኘች።

መምህርቷ ከነጥቡ ሥር እንዲህ ብላ ጽፋላት ነበር፦ «ማበረታታትዎ ደስ ይላል፤ መልስ ግን አይደለም። መጀመሪያ ጓደኛዎ የተከራከረችበትን እሷ ራሷ “አዎ፣ እንዲህ ነው ያልኩት” በምትልበት መንገድ ያስቀምጡ። የሚስማሙበትንና የማይስማሙበትን ይለዩ። ከዚያ እስካሁን ማንም ያላነሳውን አንድ አዲስ ነጥብ ከማስረጃ ጋር ይጨምሩ።»

«ሁለት?» አለች እትዬ መዝገብ። «በዕድሜዬ ሁለት አግኝቼ አላውቅም።»

በሦስተኛው ሳምንት ጥያቄው ስለ ወረፋ ነበር። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ሳህኑ ከተነሳ ወዲያ፣ እናትና ልጅ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተሩን ከፍተው የሰዎቹን ጽሑፍ አንድ በአንድ ማንበብ ጀመሩ። «ለውጥ ፈላጊ» የሚባል ሰው ረዥም ነገር ጽፏል። ልጅቷ ጮክ ብላ አነበበችው፦

«በምመራው ጤና ጣቢያ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወረፋው እስከ በር ይደርሳል። ምክንያቱ የካርድ ክፍል ሠራተኞች ፍጥነት ማነስ ነው። ከታካሚ ጋር ያወራሉ። የተሰነጠቀ የመስኮት መስታወት እንኳ የቁስል ፕላስተር ለጥፈውበት ዓመት ሞልቶታል። መፍትሔው በእያንዳንዱ መስኮት ሰዓት አስቀምጦ አንድ ሰው በሁለት ደቂቃ እንዲስተናገድ ማስገደድ ነው።»

እትዬ መዝገብ መነጽሯን አወለቀች። ፕላስተሩን የለጠፈችው ራሷ ናት፤ ስንጥቁ የታካሚ እጅ እንዳይቆርጥ ብላ።

«ይሄ እኮ የእኛ ሥራ አስኪያጅ ነው» አለች።

«ይሆን?»

«ይሆን አትበይኝ። “ፍጥነት ማነስ” ሲል እንደሱ ቅንድቡን የሚሰቅል የለም። ስታነቢው ቅንድቡ ታየኝ።»

ደሟ ፈላ። ኮምፒውተሩን ወደ ራሷ ስባ በሁለት ጣት መምታት ጀመረች። ግማሽ ሰዓት ያህል ጻፈች። ስትጨርስ ልጇ አነበበችና ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቋን ለመያዝ ነው።

«እማዬ፣ እዚህ ሰባት ነጥብ አለ። የተባለው አንድ ነው።»

«የቱን ልተው?»

«ለምሳሌ “አንተ ራስህ ስንት ሰዓት ነው የምትገባው” የሚለውን። የምትመልሺው ለክርክሩ ነው እንጂ ለሰውዬው አይደለም። ደግሞም አንቺ ማን እንደሆነ አታውቂም፤ “ታዛቢ” ነሽ።»

እትዬ መዝገብ ጥቂት አሰበች። በፊቷ ላይ ልጇ በልጅነቷ የምታውቀው ፈገግታ መጣ፤ አንድ ነገር ልታደርግ ስትል የሚመጣው።

«ልክ ነሽ» አለች። «አላውቀውም። ደግሞ እሱም አያውቀኝም።»

ስድስቱን ደመሰሰች። የቀረው አንዱ በደንብ የምታውቀው ነበር። ጥያቄው ሰኞ ዕለት ሲለጠፍ ማስረጃ እንደሚያስፈልግ ተምራ ስለነበር፣ ያን ሳምንት በየጠዋቱ በመስኮቷ ሥር ባለው ወረቀት ላይ ጭረት ስታደርግ ከርማለች። ካርድ ፈልጎ ለመጣ በግራ፣ ለሌላ ጉዳይ ለመጣ በቀኝ። መጨረሻ ላይ የተላከው መልስ ይህ ነው፦

«ውድ ለውጥ ፈላጊ፣ ክርክርዎን በትክክል ተረድቼው ከሆነ፣ ወረፋው የሚረዝመው የካርድ ክፍል ሠራተኞች ስለሚዘገዩ ነው፤ የሰዓት ገደብ ቢደረግባቸው ያጥራል ነው የሚሉት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወረፋው ከባድ መሆኑን እስማማለሁ። ሠራተኞቹ እንደሚያወሩም እስማማለሁ። ምን እንደሚያወሩ ግን አልጻፉም። አንድ ነገር ልጨምር። በምሠራበት ጤና ጣቢያ በአንድ መስኮት አምስት ጠዋት፣ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ተቆጠረ። ከመጡት ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች ውስጥ መቶ አሥራ ዘጠኙ ካርድ የሚያስፈልጋቸው አልነበሩም። የላቦራቶሪ ውጤት ሊወስዱ፣ ቁስል ሊያስጠርጉ፣ መርፌ ሊወጉ የመጡ ናቸው። ከበር ሲገቡ የሚያዩት አንድ ሰልፍ ስለሆነ ተሰለፉ። ሠራተኛው የሚያወራው አብዛኛው ወሬ “ላቦራቶሪ በዚያ በኩል ነው” የሚል ነው። ሰዓት ብናስቀምጥ እነዚህን ሰዎች በፍጥነት ወደ ሌላ ቦታ እንልካቸዋለን እንጂ ሰልፉ ውስጥ ከመግባት አናድናቸውም። ስለዚህ ከመስኮቱ ፍጥነት በፊት ሰው ከበሩ ሲገባ ማን ምን ይለዋል የሚለው ቢታይ እላለሁ። የተቆጠረው አንድ መስኮት ብቻ ስለሆነ የእርስዎ ጋ ሊለይ ይችላል። ቢቆጥሩት ምን ያገኙ ይሆን?»

«የመጨረሻዋ ጥያቄ ክፋት አለባት» አለች ልጇ።

«ትሕትና ነው» አለች እትዬ መዝገብ፤ ላከችው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ መልስ መጣ። «ውድ ታዛቢ፣ በአክብሮት ስለጻፍክልኝ አመሰግናለሁ። ቁጥርህ አስገርሞኛል፤ ለእኛ ግን የሚሠራ አይመስለኝም። ነገ ራሴ ቆጥሬ አሳውቅሃለሁ።»

«“አሳውቅሃለሁ”» አለች እትዬ መዝገብ ቃሉን እያጣጣመች። ወንድ ነው ብሎ ማሰቡን አላረመችለትም።

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ከሁሉም ቀድሞ ደረሰ። ከረባቱን አስተካክሎ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ ከመግቢያው አጠገብ ቆመ። እትዬ መዝገብ ፕላስተር በተለጠፈበት መስታወት በኩል ታየዋለች። ለሦስት ደቂቃ ያህል በሰላም ቆጠረ። ከዚያ አንዲት እናት ደብተሩን አይታ ወደ እሱ መጣች።

«ልጄ፣ ክትባት በየት ነው?»

አሳያት። ከኋላዋ ሌላ መጣ። ከእሱ ኋላ ሁለት። ደብተር ይዞ በር ላይ የቆመ ሰው፣ ያውም ከረባት ያደረገ፣ የሚጠየቅ ሰው ይመስላል። ብዙም ሳይቆይ በዙሪያው የራሱ ሰልፍ ተፈጠረ። «ራጅ ክፍል?» «ሽንት የት ነው የምሰጠው?» «ውጤቴን ማን ይሰጠኛል?» ሰውዬው በአንድ እጁ ይጠቁማል፣ በሌላው ይጽፋል። ሦስት ሰዓት ላይ ላብ በላብ ሆኖ ነበር።

በሦስተኛው መስኮት ፊት ደግሞ የቆሙት ስድስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። የሁለተኛው መስኮት ሠራተኛ አንገቷን አውጥታ «ዛሬ ሰው የት ሄደ?» ብላ ጠየቀች።

«ሥራ አስኪያጁ ጋ» አለች እትዬ መዝገብ። «ከታካሚ ጋር እያወራ ነው።»

የዚያን ዕለት በውይይት መድረኩ ላይ የለውጥ ፈላጊ ጽሑፍ ወጣ። ድምፁ ስለተዘጋ ቆጠራውን ሰባ ሦስት ላይ እንዳቆመ፣ እስከዚያው ካናገራቸው ውስጥ ሠላሳ አንዱ ካርድ የማያስፈልጋቸው መሆናቸውን ጻፈ። «በዚህ ነጥብ ተሳስቻለሁ» ብሎ ጨመረ። እትዬ መዝገብ ይህን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አነበበችው። በሃያ ሁለት ዓመት ከየትኛውም ሥራ አስኪያጅ አፍ ሰምታው አታውቅም። ትንሽ አሳዘናትም፤ ሰውዬው ቅን ነው ማለት ነው፣ ከእንግዲህ እንደ ድሮው ልትናደድበት አትችልም። መምህርቷ ለታዛቢ ከአሥር ዘጠኝ ሰጠች፤ አንዷን የቀነሰችው ማን እንደቆጠረ ስላልተገለጸ ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። ግን ለውጥ ፈላጊ ለታዛቢ በግል መልእክት ላከ፦ «የካርድ ክፍል ሠራተኞቼን ሰብስቤ ይህን ሐሳብ ብታስረዳልኝ ደስ ይለኛል። እኔ ስነግራቸው ላይሰሙኝ ይችላሉ። ሐሙስ ሁለት ሰዓት ከመሆኑ በፊት መምጣት ትችላለህ?» አድራሻውንም ጻፈላት።

«አሁንስ ንገሪው» አለች ልጇ።

«ጠራኝ እኮ። የተጠራ ሰው ይሄዳል።» ጽፋ የላከችውም አንዲት ቃል ናት፦ «እመጣለሁ።»

ሐሙስ የስብሰባው ክፍል ተጠርጓል። ጠረጴዛው ራስ ላይ ለእንግዳው ወንበርና አንድ ጠርሙስ ውኃ ተቀምጧል። ሠራተኞቹና ጥበቃው ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ሥራ አስኪያጁ በር በሩን ያያል። እትዬ መዝገብ የክት ሸሚዟን ለብሳ ገባች፤ ቀጥ ብላ ሄዳ የእንግዳው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«እትዬ፣» አለ ሥራ አስኪያጁ ቀስ ብሎ፣ «ያ ቦታ እንኳ ለእንግዳ ነው።»

«አውቃለሁ። ጠርተውኝ ነው የመጣሁት።»

«ማን ጠራዎት?»

«ለውጥ ፈላጊ።»

ሥራ አስኪያጁ አያት፤ ከዚያ ጣሪያውን አየ፤ ከዚያ እንደገና አያት። የጻፈው ሁሉ፣ ከፕላስተሩ ጀምሮ፣ በፊቱ ሲያልፍ ይታይ ነበር። ጆሮው ቀላ።

«የጻፍኩትን…» አለ በመጨረሻ፣ «አንብበውታል ማለት ነው።»

«አንብቤማ ነው የመለስኩት። ያወራሉ ያሉትን ደግሞ አምኜልዎታለሁ።»

መጀመሪያ የሳቀው ጥበቃው ነው። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ሳቀ፤ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ። ሲጨርስ ውኃውን ከፍቶ በብርጭቆ ቀዳላትና ከወጣቶቹ መሃል ተቀመጠ። «ይቀጥሉ፣ እንግዳችን» አለ።

በቀጣዩ ሳምንት ከመግቢያው አጠገብ አንድ ጠረጴዛ ተቀመጠ፤ ሠራተኞቹ በተራ ይቀመጡበታል፣ በየወሩ አንድ ጠዋት ሥራ አስኪያጁም። ሰልፉ ጨርሶ አልጠፋም፤ በር ላይ ግን አይደርስም። ሰዓቶቹም አልመጡም።

ኮርሱ አልቆ ሌሎች ሁለት ኮርሶች ሲከፈቱ ሥራ አስኪያጁ ወደ ሦስተኛው መስኮት መጣ።

«እትዬ፣ እርስዎ የቱን ሊወስዱ ነው?»

«የመዝገብ አያያዙን።»

«ጥሩ» አለና በደብተሩ ላይ አንዱን ሰረዘ። «እንግዲያው እኔ ሌላውን እወስዳለሁ።»