የፋዱማ ጥላ ሲከፈት

ፋዱማ ድሬዳዋ ላይ ታይዋን በሚባለው ገበያ ውስጥ የልጆች ልብስ ትሸጣለች። ቅዳሜ ግን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሱቋን ትዘጋና ጥላዋንና ወፍራሙን መዝገቧን ይዛ ከዚራ ሰፈር ዳር ወዳለው የራግቢ ሜዳ ትሄዳለች። ሜዳው አሸዋ ነው። የጎሉን ቋሚዎች አንድ ጡረታ የወጣ የባቡር በያጅ ከውሃ ቧንቧ ነው የሠራቸው፤ አንደኛው ትንሽ ያዘመመ ነው።

እኔና እሷ አብረን ነው የተማርነው። ከትምህርት በኋላ እሷ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ገብታ የዕቃ ፉርጎ መዝጋቢ ሆነች። እያንዳንዱ ፉርጎ ከየት ተነሣ፣ የት ቆመ፣ ምን ይዞ ደረሰ፤ ለእያንዳንዱ አንድ መስመር። አሮጌው ባቡር ሲቆም ሥራዋም አብሮ ቆመ። ያን ጊዜ ጣቢያው ደጃፍ ላይ ከነመዝገቧ ቆማ ያየኋት እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለች። ባዶ መስመሮች የቀሩበትን መዝገብ ለማን ያስረክቡታል?

መዝገቡ ሥራ ያገኘው ልጇ ዋበሪ ራግቢ ሲጀምር ነው። ዋበሪ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ጨርቅ ቆራጭ ነው፤ የቡድኑን የቅጣት ምት የሚመታውም እሱ ነው። እናቱ መጀመሪያ ልጇ እንዳይሰበር ልትጠብቅ መጣች። ዝም ብላ መቀመጥ ግን አታውቅም። ቡድኑ ኳስ ከያዘበት ቅጽበት እስኪያጣት ወይም ነጥብ እስኪያገኝባት ድረስ አንድ መስመር አድርጋ ትጽፍ ጀመር። የት ተነሣች፣ የት ቆመች፣ ምን ይዛ ደረሰች።

አንድ ዓመት ሳይሞላ አምበሉ ቦና ሳይጠይቃት አይወስንም ነበር። ቅጣት ሲያገኙ ሁለት መንገድ አለ። ወይ ዋበሪ ወደ ቋሚዎቹ ይመታል፤ ከገባች ሦስት ነጥብ። ወይ ኳሷን ጥግ ላይ ወደ ውጭ ያወጧታል፤ ከዚያ ራሳቸው ከመስመር ወርውረው በመሮጥና በመግፋት ከጎሉ መስመር ማዶ መሬት ለማስነካት ይሞክራሉ። ይህ ትራይ ይባላል፤ አምስት ነጥብ ነው፤ ከትራይ በኋላ የምትሰጠው ተጨማሪ ምት ከገባች ደግሞ ሰባት። የድሬ የከሰዓት ነፋስ ድምፅ ስለማያሳልፍ ምልክት አበጁ። የፋዱማ ጥላ ከተከፈተ ወደ ቋሚ፤ ከተዘጋ ወደ ጥግ።

አምና ከጅጅጋ ከመጣው ቡድን ጋር ሲጫወቱ ጥላዋን አራት ጊዜ ከፈተች። ዋበሪ አራቱንም ሳተ። ሰው ሁሉ ልጁን ሰደበው። አንድ ሳምንት ሙሉ እቤት ውስጥ ራሱን ደፍቶ በላ።

እሷ መዝገቡን ገልብጣ ጥፋቱን አገኘችው። የራሷ ጥፋት ነበር። ድሬ ላይ በሙቀቱ ምክንያት ልምምድ የሚደረገው ገና በማለዳ፣ ቅጠል ሳይነቃነቅ ነው። ጨዋታው ግን አሥር ሰዓት ላይ፣ ነፋሱ ከተነሣ በኋላ። ማለዳ ዋበሪ ከሠላሳ ሜትር ከሃያ አሥራ አራት ያገባል፤ በዚያ ቁጥር ነበር ጥላ የከፈተችው። ከዚያ ወዲህ አሥር ሰዓት ላይ ብቻውን ሃያ ጊዜ እያስመታች እንደ አዲስ ቆጠረች። ከሃያ ዘጠኝ።

ዘንድሮ ጥላዋ አንድም ጊዜ አልተከፈተም። በዚያ ፀሐይ ጥላ ታቅፋ በነጠላ ሻሽ ትቀመጣለች። የእንግዶቹ ደጋፊዎች፣ «አዴ ፋዱማ፣ ጥላሽ ዝጓል እንዴ? ዘይት እንላክልሽ?» ይሏታል።

«ለአምበላችሁ ላኩለት፣ ጉልበቱ ሲንቋቋ እዚህ ይሰማል» ትላለች።

ዋበሪ ግን አልሳቀም። ከጅጅጋዎቹ ጋር ዳግም ሊገናኙ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ሱቋ መጣ። እኔም እዚያው ነበርኩ።

«ሆዮ፣ አታምኚኝም አይደል?» አላት፤ እናቱን የሚጠራት እንዲህ ነው።

«አንተን አምንሃለሁ። የማላምነው ነፋሱን ነው።» መዝገቡን ዘረጋችለት። «ሃያ ጊዜ ወደ ጥግ ሄዳችኋል። ሰባት ትራይ። ተጨማሪዋን ምት ግማሹን ስለምታገባ አንዱን ትራይ ስድስት በለው። አርባ ሁለት ነጥብ ለሃያ ስታካፍለው፣ በአንድ ጉዞ ሁለት ነጥብ ከምናምን። ምትህ ደግሞ ዘጠኝ ጊዜ ሦስት፣ ሃያ ሰባት። ለሃያ ሲካፈል አንድ ተኩል እንኳ አይሞላም። ጥጉ ቢከሽፍ ደግሞ ኳሷ እነሱ ደጅ ላይ ናት፤ እዚያው ይታፈናሉ።»

«ሃያ ትንሽ ነው።»

«ትንሽ ነው። ያለኝ ግን እሱ ነው፣ አቦ።»

«ታዲያ መቼ ነው የምትከፍቺው?»

«ብዙ ነጥብ የማያስፈልገን ቀን» አለችው። አልገባውም። እኔም አልገባኝም ነበር።

ቅዳሜ ሜዳው ዙሪያ ሰው ሞላ። ያሸነፈ አዲስ አበባ ላይ ለሚደረገው ውድድር ያልፋል። የእኛዎቹ የመጀመሪያውን ቅጣት ወደ ጥግ አውጥተው ከሸፈባቸው፤ ሁለተኛውን አውጥተው ቦና ትራይ አስቆጠረ፤ ዋበሪም ተጨማሪዋን አገባ። ሰባት። እንግዶቹ ሦስት ቅጣት ወደ ቋሚ መትተው ሦስቱንም አገቡ። ዘጠኝ። ሰዓቱ አለቀ ሲባል ዳኛው ፊሽካ ነፋና እጁን ወደ እኛ ዘረጋ። ቅጣት፣ ከሠላሳ ሜትር። የመጨረሻዋ ኳስ።

«ጥግ! ጥግ!» ይላል ሰዉ። ዓመቱን ሙሉ ያስለመደቻቸው እሷ ናት። ቦና ዞር ብሎ አያት።

አጠገቧ ስለነበርኩ ስታጉረመርም ሰማኋት። «ሁለት ነው የጎደለን። ሦስትም ያሸንፋል፣ ሰባትም ያሸንፋል። ከሦስት በላይ ያለው ዛሬ ትርፉ ምንም ነው። ጥጉ ዛሬን ጨምሮ ከሃያ ሁለት ጊዜ ስምንት። ምቱ ከሃያ ጊዜ ዘጠኝ።»

ያኔ ገባኝ። አሁን የሚጠየቀው በአማካይ ምን ያህል ይገኛል ሳይሆን የቱ ደጋግሞ ይገባል ነው። ያው መዝገብ ነው፤ መልሱ ግን ተገለበጠ።

ጥላውን ጭኗ ላይ አጋድማ ልጇን አየችው። ጥላው እንደተዘጋ ቢቀርና ጥጉ ቢከሽፍ ጥፋቱ የአሥራ አምስት ሰው ነው፤ ማንም ልጇን አይሰድብም። ብትከፍተው ዋበሪ እንደ አምናው ብቻውን ይቆማል። ከሃያ አሥራ አንድ ጊዜ የሚስት መሆኑን ደግሞ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

ከፈተችው።

 ቦና ለዳኛው ቋሚዎቹን አሳየ። ዋበሪ ጥላውን ረዘም አድርጎ አየና፣ ከዚያ አሸዋውን በመዳፉ ቆልሎ ኳሷን አቆመበት። ነፋሱን ጠበቀ። መታ። ኳሷ ቀጥ ብላ ወጥታ፣ መሐል ላይ እንደ ሰከረ ሰው ዘመም አለች፤ ያዘመመውን ቧንቧ በውጭ በኩል፣ በአንድ ክንድ ያህል አለፈችው።

አለቀ።

አንዱ ከኋላ መሳደብ ሲጀምር ቦና ጮኸበት። «ዝም በል! ውሳኔው የኔ ነው!»

ዋበሪ ቀስ ብሎ ወደ እናቱ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ራሱን ግን አልደፋም። መዝገቡ ላይ ጎንበስ ብላ ነበር፤ እርሳሱ አልሄድልሽ ብሏት።

«ከሃያ አንድ ምት ዘጠኝ። ጻፊው እንጂ፣ ሆዮ» አላት።

ጻፈችው። «ነገም እንዲህ ያለች ኳስ ብትመጣ እከፍታለሁ» አለች፣ ቀና ሳትል።

«አውቃለሁ። ብዙ ነጥብ የማያስፈልገን ቀን።»

ጥላውን ከእጇ ወሰደና፣ መዝገቡን እስክትጨርስ ድረስ ፀሐዩን ከለለላት።