ወደፊት ያልሄደው ሁለተኛ አንጓ

ስቱዲዮ ሲሉኝ ሰፊ አዳራሽ መስሎኝ ነበር። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ ፎቅ ላይ የተከራዩት ጠባብ ክፍል ነው። ግድግዳው በፍራሽ ስፖንጅ ተሸፍኗል፤ የነበረችውን አንዲት መስኮትም በእሱ ደፍነዋታል። የውጭ ድምፅ እንዳይገባ በሩ ከተዘጋ በኋላ ብርድ ልብስ ይጋረድበታል። እኔ የተዘጋ ቤት አልወድም። ልጄን ግን መንገዱ በማይታመንበት በዚህ ጊዜ ብቻዋን ከፀዳ ተነሥታ ከተማ ድረስ እንድትሄድ አልፈቅድም። ስለዚህ ተከትያት ገብቼ ጥግ ላይ ካለች የእንጨት ዱካ ላይ ተቀመጥኩ።

ልጄ ሃያ ዓመቷ ነው። ዘፈኑን የጻፈችው እኔ ከነገርኳት ነገር ነው። አባቷ የጭነት ማኪና ሾፌር ነበር። እሷን ሳረግዝ ሄደ፤ እኔ ከጎንደር ወጣ ብላ ባለች ኮሶዬ ምግብ ቤት ውስጥ ወጥ እየሠራሁ መንገድ ዳር እየወጣሁ ጠበቅኩት። አልመጣም። ከልጅነቷ ጀምሮ የነገርኳት ይኸው ነው።

አቀናባሪው ቀጭን፣ ትሑት ልጅ ነው። የዘፈኑ ሴትዮ እኔ መሆኔን አያውቅም። የመጀመሪያውን አንጓ ሲሰማ አንገቱን እየነቀነቀ ነበር።

*ኮሶዬ መንገድ ዳር ብርዱ ላይ ቆማለች፣*
*ለሚያልፈው ማኪና እጇን ታነሣለች።*

ቀጥሎ አዝማቹ መጣ፤ እየተመለሰ የሚዘፈነው ማለት ነው።

*ጉሙ ሆይ ተገፈፍ ይተያዩበት፣*
*መንገዱ አንድ ሆኖ ለምን ይራቁበት።*

ሁለተኛው አንጓ ላይ ሲደርስ አንገቱን መነቅነቁን ተወ።

*ጉም በወረደበት ዳገት ላይ ሆናለች፣*
*እስኪመጣ ድረስ መንገዱን ታያለች።*

«አንድ ነገር ላሰማችሁ» አለና ኮምፒውተሩን ነካካ። ዘፈኑን እንደገና ከፈተው። ዳገቱ ፊት መጣ፣ መንገድ ዳሩ ኋላ ሄደ። ሁለቱን አንጓዎች ቦታ አቀያይሯቸው ነበር።

«ምን ተበላሸ?» አላት።

«ምንም።»

«እኮ! ምንም ካልተበላሸ ሁለት አንጓ የለሽም። አንዱን ሁለት ጊዜ ነው የጻፍሽው። አዝማቹም ሁለተኛ ሲመጣ ያው የፊተኛው ነው፤ ሰው ስልኩን ማየት ይጀምራል።»

ልጄ ፊቷ ቀላ። ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጻፈች፣ ሰረዘች። ጉሙን ዝናብ አደረገችው። ዳገቱን የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አደረገችው። ቤት ይመታል፤ ዜማውም ይቀበለዋል።

«ልብስ ቀየርሽላት እንጂ የት ሄደች?» አላት። «ዝናብም ቢሆን፣ ደጃፍም ቢሆን ያው ቆማለች። በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል አንድ ነገር ይሁን። ዛሬ ካላለቀ ደግሞ ሁለተኛውን ቆርጬ በአንድ አንጓ እለቀዋለሁ። ነገ አዲስ አበባ ነኝ፤ መቼ እንደምመለስ አላውቅም።»

በአንድ አንጓ ማለት ምን እንደሆነ ገባኝ። ሁለት ዓመት የለፋችበት ነገር ግማሽ ሆኖ ሊወጣ ነው። እኔም ልረዳት ብዬ አፌን ከፈትኩ።

«አስረጃት። ፀጉሯ ሸበተ በያት።»

«እማዬ ደግሞ ገጣሚ ሆነች!» አለች ልጄ፤ ግን ሳቀች።

እሱም ሳቀ። «ሸጋ ነው እናቴ። ግን አርጅታም እዚያው ናት።»

አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ስለ ግጥም አላውቅም። ይህን ግን አወቅኩት። ልጄ እዚያው የምትዞረው ችሎታ አንሷት አይደለም። ሃያ ዓመት የነገርኳት ወሬ እዚያ ላይ ስለሚያቆም ነው። የሰጠኋት መቆም ብቻ ነው፤ ከመቆም ሌላ ከየት ታመጣለች?

አቀናባሪው ወንበሩን አዞረላት። «ዘፈኑን ተይው። እንደ ወሬ ንገሪኝ። መንገድ ዳር ቆመች፤ እሺ፣ ከዚያስ?»

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። «ከዚያስ እማዬ? ከዚያ በኋላ ምን ሆነ?»

በሩን አየሁት። ብርድ ልብሱ ተጋርዶበታል። ውኃ ልጠጣ ብዬ ልወጣ አሰብኩ፤ የውኃው ኮዳ እግሬ ሥር ነበር። ብነግራት ትጠላኛለች፤ ዝም ብል ዘፈኗ ይቆረጣል። ነጠላዬን ፈትቼ መልሼ አጣፋሁት።

«ማኪናው ቆመ» አልኩ።

«የቱ ማኪና?»

«የሱ። አንድ ጊዜ መጣ። ልጅቷ ስምንት ወሯ ነበር። ቆመና ወረደ። ምግብ ቤቱ ገብቶ ሴትዮዋ የት ናት ብሎ ጠየቀ።»

አቀናባሪው «ይኸው!» ብሎ ጭኑን መታ። «እሷስ? ሮጣ ወጣች?»

«አልወጣችም። ልጅቷን ወስዶ ለእናቱ ሊሰጥ ነው ሲባል ሰምታ ነበር። ጓዳ ገብታ ልጇን አቀፈች። እንዳታለቅስባት ጡቷን አጎረሰቻት። የቤቱ ባለቤት ‹የለችም፣ ጎንደር ወርዳለች› አለችው። ሄደ።»

«እውነት ሊወስዳት ነበር?» ያለችው ልጄ ናት።

«አላውቅም» አልኩ። እውነቴን ነው፤ እስከ ዛሬ አላውቅም። የሰው ወሬ ነበር። ምናልባት ሊያያት ብቻ መጥቶ ይሆናል።

ልጄ አንገቷን ደፍታ ጻፈች። እኔ ስፖንጁን አየሁ፤ ቁርጥራጩን መቁጠር ጀምሬ ተምታታብኝ። ተነሥታ ማይኩ ፊት ቆመች።

*ማኪናው ቆመና ሲወርድ አየችው፣*
*ልጇን አቅፋ ጓዳ በዝምታ ሸኘችው።*

ከዚያ አዝማቹን ዘፈነች። ቃሉ አንድም አልተለወጠም፤ ጉሙ ሆይ ተገፈፍ ነው። ፊት ሲዘፈን ጉሙ የመንገዱ ነበር። አሁን ጉሙ እኔ ነበርኩ። ዓይኗን ከደብተሩ አላነሣችም፤ ቃሉን ግን በቃሏ ታውቀዋለች።

አቀናባሪው እንደገና ቦታ አቀያይሮ ሊያሰማን ሞከረና ሳቀ። መጀመሪያ ወርዶ ካጣት በኋላ መንገድ ዳር ቆማ እጇን ስታነሣለት ዘፈኑ እብድ ሆነ። «አያችሁ? አሁን ቦታ አይለቅም» አለ። «እናቴ፣ እንዲህ ያለ ታሪክ ይዘው ነው ዝም ያሉት?»

ከፎቁ ወርደን ወደ ቤታችን ባጃጅ ያዝን። ሁልጊዜ ትከሻዬን ተደግፋ ነው የምትሄደው፤ ያን ቀን ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠች። ማጅራቷን አየሁ፣ ጆሮዋን አየሁ። መንገዱ ተዘጋግቶ ባጃጁ ይቆማል፣ ትንሽ ይሄዳል፣ ይቆማል። ወርጄ ልሩጥ ብል የት እሄዳለሁ? ቤታችን አንድ ነው፤ ያለን አልጋም አንድ ነው።

አዘዞ አቅራቢያ ስንደርስ ሳትዞር ጠየቀችኝ።

«ብዙ ቆየ?»

«ሻይ አዘዘ።»

«ጠጣው?»

«አልጠጣውም። በሩን በሩን እያየ ቀዘቀዘበት። ትቶት ሄደ።»

«አንቺ ይህን አየሽ?»

«በጓዳው መጋረጃ ቀዳዳ።»

ሾፌሩ በመስታወት አየኝና ዓይኑን መለሰ። ከዚያ ልጄ እጁን ነካችው።

«ወንድሜ፣ ወደ ፒያሳ መልሰን።»

«ምነው? ምን ረሳሽ?»

«ሻዩን» አለችው።

ምግብ ቤቱን፣ ሻዩን፣ በር በሩን ማየቱን፣ ሁሉንም ዘፈኑ ውስጥ ልታስገባው ነው። ለስንቱ ሰው እንደምትዘፍነው አሰብኩ። ተይው ልላት ፈለግኩ፤ ግን ተይው ማለት እንደገና ጓዳ መግባት ነው።

ደረጃውን ከፊት ወጣች። ነይ አላለችኝም፤ ቅሪም አላለችኝም። ገብቼ ዱካዬ ላይ ተቀመጥኩ። አቀናባሪው በሩን ዘጋና ብርድ ልብሱን ጋረደው። ልጄ ደብተሯን ገልጣ፣ ከነገርኳት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት እያየችኝ፣ «ስኳሩን አማስሎት ነበር?» አለችኝ።