ቀዩን ቢጫ ያደረግሁ ዕለት

ያንን ሠንጠረዥ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ማንም አላዘዘኝም። ዘመኑ የደርግ ነው። አዲስ አበባ የሦስት ሳምንት ኮርስ ወስጄ ወደ ዲላ ስመለስ ልቤ አብጦ ነበር። ከዲላ ወደ ቡሌ በሚወጣው መንገድ ዳር ተራራውን የሚደግፍ ግንብ እንሠራ ነበር። ቢሯችን የቆርቆሮ ቤት ናት፤ ዝናብ ከመጣ በውስጧ መደማመጥ የለም።

ትልቅ ካርቶን ላይ መስመር አሰመርኩ። መጀመሪያ ስጋቱ ይጻፋል። ቀጥሎ የመድረስ ዕድሉ፣ ከአንድ እስከ አምስት። ከዚያ ቢደርስ የሚያመጣው ጉዳት፣ እሱም ከአንድ እስከ አምስት። ሁለቱ ይባዛሉ። በስተመጨረሻ ምን እንደሚደረግና ማን እንደሚያደርገው ይሰፍራል። እስከ አምስት አረንጓዴ፣ እስከ አሥራ ሁለት ቢጫ፣ ከአሥራ አምስት ጀምሮ ቀይ ነው። ቀይ ያለበት ሥራ ይቆማል። ሲሚንቶ በዝናብ ቢበላሽ ዕድሉ ሦስት፣ ጉዳቱ ሁለት፣ ስድስት። የመሠረቱ ጉድጓድ ቢደረመስ ዕድሉ አራት፣ ጉዳቱ አምስት፣ ሃያ። ጉድጓዱ የሰው ቁመት እጥፍ ሆኖ ሳለ ግድግዳውን የምንደግፍበት አንዲት ጣውላ አልነበረችንም።

የቆፋሪዎቹ አለቃ የጌዴኦ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። መሠረተ ትምህርት ሁለቴ ጀምረው ሁለቴ ጥለዋል። ቁጥሩን ባያነቡትም ቀለሙን ያነቡታል። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆመው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ካርቶኑን ያዩና ለሰዎቻቸው ሊነግሩ ይወርዳሉ። ቀይ በነበረባቸው ሦስት ቀናት አንድም ሰው ጉድጓድ አልገባም። እኔም ኮራሁ፤ ወይ ኩራት!

በአራተኛው ቀን የፕሮጀክቱ ኃላፊ መጣ። «ጓድ፣ ግንቡ ለአብዮት በዓል ይመረቃል ተብሎ ቃል ተገብቷል» አለኝ። «ሥራውን ያቆመው ዝናቡ ነው ወይስ አንተ?»

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ አይፈልግም።

«ጣውላ አላዘዝክም?»

«አዝዣለሁ።»

«ታዲያ መፍትሔ ካለው ዕድሉ ለምን አልቀነሰም?»

አውቅ ነበር እኮ! የኮርሱ አስተማሪያችን ደጋግሞ ነግሮናል፤ ቁጥሩ የሚወርደው መፍትሔው ቆሞ በዓይን ሲታይ ነው፤ ሲታዘዝ አይደለም። ግን ላጲሱን አነሳሁ። አራቱን አጥፍቼ ሁለት ጻፍኩ። ጉዳቱን አልነካሁትም፤ ሞት መቼም ሞት ነው። ሁለት ጊዜ አምስት፣ አሥር። ቀዩን ፍቄ ቢጫ ቀባሁ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ጣውላው ገና የት እንዳለ እንኳ አላውቅም ነበር።

ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። ጠዋት ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው በሩ ላይ ቆሙ። «ኢንጅነር፣ ይሄ አፈር ውሃ ጠግባለች» አሉ። ከዚያ ካርቶኑን ዓይናቸውን ጨፈን ገለጥ እያደረጉ አዩት፤ ከወትሮው ረዘም አድርገው አዩት። እኔ የሚጻፍ ነገር ያለኝ መስዬ አቀርቅሬያለሁ። «አይግቡ» የምትለው ቃል እዚህ ጉሮሮዬ ላይ ነበረች። ኃላፊው ግቢው ውስጥ ነበር፤ አላወጣኋትም። «እሺ» ብለው ሄዱ።

ሰዎቻቸውን ከማስገባታቸው በፊት ራሳቸው ቀድመው መውረድ ልማዳቸው ነው። ብዙም አልቆየ፤ ጩኸት ሰማሁ። ስደርስ ጉድጓዱ ግማሹ የለም። በአካፋ እንዳንመታቸው ፈርተን በእጃችን ቧጠጥን። ጥፍሬ ተነቃቅሎ አልተሰማኝም። በሕይወት አወጣናቸው፤ ከደረታቸው በታች ግን ተጨፍልቀው ነበር።

ሆስፒታል በገቡ በሁለተኛው ቀን መናገር ጀመሩ። እኔና ኃላፊው አልጋቸው አጠገብ ቆመናል። እጄን ፈልገው ያዙኝ።

«ልጄ፣ ይቅር በለኝ» አሉኝ። «ዓይኔ ደክማለች። ቀዩን ቢጫ ብዬ አየሁ። በኔ ጥፋት አንተን እንዳያስሩህ።»

ኃላፊው ዞር ብሎ አየኝ። «ጋሼ፣ ዓይንዎ ደህና ነው፤ ቢጫ ነበር፤ የቀባሁት እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። ይቺን ለማለት ስንት ትንፋሽ ይበቃል? ልጆች ነበሩኝ፤ እስር ቤትም ፈራሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እጃቸውን ጨበጥ አድርጌ «አይጨነቁ ጋሼ፣ ይቅር ብዬዎታለሁ» አልኳቸው።

ፊታቸው ፈታ አለ። «ተመስገን» አሉ። በማግሥቱ አረፉ።